ሽምግልናው የሚበላው 30 ቀን

በባልና ሚስት መካከል ዱላ ሲነሣ፣ በዳላስና ፎርት ዎርዝ ዙሪያ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አስቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ገመና በዘመድ መካከል ይሸፈናል፤ ሚስት ለጊዜው እኅቷ ዘንድ ትሰነብታለች፤ ባል ይመከራል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ቀጠሮው ይተላለፋል። ሽምግልና የራሱ የጊዜ ስሌት አለው። የቴክሳስ ሕግም እንዲሁ የራሱ ስሌት አለው። ሁለቱ ስሌቶች ሲጋጩ ዋጋውን የምትከፍለው የተደበደበችው ሚስት መሆኗን ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም። ይህ አለማወቅ ከእንግዲህ ይቅርታ ሊደረግለት አይገባም።

በቴክሳስ የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጥበቃ ትእዛዝ በሁለት ደረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው ተጠሪው ሳይጠራ፣ በአመልካቿ ቃለ መሐላ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ዳኛው ግልጽና ቅርብ የሆነ የጥቃት አደጋ መኖሩን ካመነ ይሰጣል፤ ለ20 ቀን ይጸናል፤ ሊራዘምም ይችላል። ሁለተኛው ሁለቱም ወገኖች በችሎት ከተሰሙ በኋላ የሚሰጠው ሲሆን፣ በመደበኛው እስከ 2 ዓመት ይቆያል። የዚህ ችሎት ቀጠሮ እንደ ደንቡ ማመልከቻው ከገባ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ባልም ቢሆን ጥቃት ከደረሰበት በዚሁ ሕግ ማመልከት ይችላል።

የችግሩ ቋጠሮ ያለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ጊዜያዊው ትእዛዝ ባልን ከጋራ መኖሪያው ወዲያውኑ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሚስትና ልጆች ቤታቸው ይቀራሉ፣ የሚወጣው አጥቂው ይሆናል። ሕጉ ግን ይህን የሚፈቅደው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አመልካቿ በቤቱ የምትኖር፣ ወይም ማመልከቻውን ከማስገባቷ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ የኖረችበት መሆን አለባት። ጥቃቱም ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት። በመጨረሻም ጥቃቱ ሊደገም የሚችልበት ግልጽና ቅርብ አደጋ መኖር አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር አመልካቿ ራሷ ዳኛው ፊት ቀርባ መመስከር ይጠበቅባታል።

አንዲት የአዲሰን ነዋሪ ማርች 3 ቀን በባሏ ተመታች እንበል። በማግስቱ ሽማግሌዎች «ነገሩ እስኪበርድ» ብለው ጋርላንድ ወደምትኖር ዘመዷ ይልኳታል። ሦስት ቅዳሜ በምክክር ያልፋል፤ ባል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም ቃሉን ያጥፋል፤ አራተኛው ስብሰባም ያለ ውጤት ይበተናል። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ኤፕሪል 7 ቀን ስታመለክት ከጥቃቱ 35 ቀን፣ ከቤቷ ከወጣች ደግሞ 34 ቀን አልፏል። ስለዚህ ሁለቱም የ30 ቀን ገደቦች አምልጠዋታል። ዳኛው ባሏ ወደ እርሷ እንዳይቀርብ፣ ወደ ሥራ ቦታዋና ወደ ልጆቿ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ አሁንም ሊያዝ ይችላል። ቤቱን በተመለከተ ግን ሁለተኛው ችሎት እስኪሰየም ቤቱ የባል ሆኖ ይሰነብታል፤ እርሷና ልጆቿ በሰው ሳሎን ያድራሉ። ባሏ ተሸሽጎ መጥሪያ ካልደረሰው ደግሞ ያ ቀጠሮ ራሱ ሊራዘም ይችላል።

ያችው ሴት ማርች 10 ቀን አመልክታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ዳኛው ካመነ በጊዜያዊው ትእዛዝ ባልን ከቤት ሊያስወጣው፣ ችሎቱም እስከ ማርች 24 ሊሰየም በቻለ ነበር። በሁለቱ ዕጣዎች መካከል ያለው ልዩነት አራት ሳምንት ብቻ ነው፤ ያን አራት ሳምንት የበላውም ሽምግልናው ነው። ከቤት ወጥታ እንድትሰነብት የተሰጣት ደግነት የሚመስለው ምክር የመኖሪያዋን ቀን ጭምር እንዲቆጠር ማድረጉን ማንም አልነገራትም።

ሽማግሌዎች «ሰውየው ተጸጽቷል» የሚል መከራከሪያ ሊያነሡ ይችላሉ። እስከ 2023 ድረስ ይህ መከራከሪያ በፍርድ ቤትም ክብደት ነበረው፤ ለ2 ዓመቱ ትእዛዝ ጥቃቱ መፈጸሙ ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ሊደገም እንደሚችል መረጋገጥ ነበረበትና። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የቴክሳስ ሕግ አውጪ ይህን ሁለተኛ መመዘኛ አንሥቶታል። አሁን ጥቃቱ መፈጸሙ ከተረጋገጠ ይበቃል። የባልን ጸጸት መመዘን የዳኛው ሥራ መሆኑ ቀርቷል።

«ወረቀት ጥይት አይመልስም» የሚለው ሌላው መከራከሪያም የወረቀቱን ኃይል አለማወቅ ነው። ለሽማግሌ የተገባ ቃል ሲፈርስ ፖሊስ የሚያደርገው ነገር የለም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲጣስ ግን መጣሱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ከአዲሰን ብዙም በማይርቀው በታራንት ካውንቲ በ2020 በተሰጠ የጥበቃ ትእዛዝ የተነሣው የራሂሚ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ትእዛዙ የተሰጠበት ሰው ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ ይዞ በመገኘቱ ተከሰሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2024 ክልከላው ሕገ መንግሥታዊ ነው ሲል 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ይህ የፌዴራል ክልከላ የሚሠራው ተጠሪው ተጠርቶ የመሰማት ዕድል ካገኘ በኋላ በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ነው። ስለዚህ በጊዜያዊው ትእዛዝ ረክቶ ሁለተኛውን ችሎት መተው መሣሪያ ላለው ባል መሣሪያውን እንደ መተው ነው።

የማመልከቻው መንገድ ከሚወራው ይልቅ ቀላል ነው። አመልካቿ የዳኝነት ክፍያ አትከፍልም። በዳላስ ካውንቲ ለዐቃቤ ሕግ ቢሮ ብታመለክት ቢሮው ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይዞ ሊከራከርላት ይችላል፤ በጠበቃ ወይም በራሷም ማመልከት ትችላለች። ወደ ሌላ ካውንቲ ሸሽታ እየኖረች ከሆነም እዚያው ማመልከት ይፈቀድላታል። ብዙ ማመልከቻዎችን የሚያዳክመው ቃለ መሐላው ነው። ጨዋነት የለመደ አንደበት «ተጣላን»፣ «እጁን አነሣብኝ» ብሎ ያልፋል። ዳኛ በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ትእዛዝ አይመሠርትም። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን መታት፣ አንገቷን ይዞ ከሆነ ትንፋሽ አጥሯት እንደሆነ፣ ልጆቹ ያዩ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚም አስቀድሞ ከፍርድ ቤቱ መጠየቅ ይገባል፤ ዘመድ ሲያስተረጉም ቃሉ ይለሰልሳልና።

«የመኖሪያ ፈቃዱን ታስነጥቀዋለሽ» የሚለው ማስፈራሪያም በልክ ሊመዘን ይገባል። የጥበቃ ትእዛዝ የፍትሐ ብሔር ትእዛዝ እንጂ የወንጀል ፍርድ አይደለም። የስደት ሕጉ ለአገር መባረር ምክንያት አድርጎ የሚያየው የትእዛዙን መጣስ ነው፤ ይህም በባል እጅ ያለ ምርጫ ነው። ባሏ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ተጠቂ ሚስት ደግሞ ያለ እርሱ ፈቃድና ዕውቀት ለራሷ መኖሪያ ማመልከት ትችላለች።

ሽማግሌ ይቅር የሚል የለም። የሚጠየቀው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው፦ አስቀድሞ ትእዛዙ፣ ከዚያ ዕርቁ። በሽምግልና ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጥቃቱ የተፈጸመው መቼ ነው?» የሚል ይሁን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም 30 ቀን ይቁጠር። ይህን መቁጠር የማይፈልግ ሽማግሌ አስታራቂ ሳይሆን የባል ጊዜ ገዢ ነው።