ጥያቄው ከሰላምታው ይቅደም

የእህቴ ባል ቲማቲም ይነግዳል። ወደ ጅቡቲ ይልካል፤ አንድ አይሱዙ ሞልቶ፣ በሳምንት አንዴ፣ ገበያው ሲያብር ሁለቴ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከመኪናዎቹ አንዱ ኬላ ላይ ሁለት ቀን ቆመበት። የቱ ኬላ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ ተነገ ወዲያም እዚያው ነው የምናልፈው። ምክንያቱ ቀላል ነበር። መኪናው ላይ ያለው 310 ሳጥን ሲሆን ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑ ላይ 301 ብሎ አስገብቶታል። ሁለት አኃዝ ቦታ ተቀያየሩ፣ ዘጠኝ ሳጥን ትርፍ ሆኖ ተገኘ፣ ማመልከቻ አምጡ ተባለ።

ማመልከቻውን ያስጻፈው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። ኮፒው ዛሬም እኔ ጋ አለ። ስሙን አውጥቼ እንዳለ ላስነብባችሁ፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ለክቡርነትዎና ለመላው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ያለኝን ልባዊ አክብሮትና የከበረ ሰላምታ እያቀረብኩ ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥልኝ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ አመልካች ላለፉት 11 ዓመታት በወጪ ንግድ ዘርፍ ተሰማርቼ ለሀገሬ የውጭ ምንዛሪ በማስገኘትና ግብሬን በወቅቱ በመክፈል የዜግነት ግዴታዬን እየተወጣሁ የምገኝ ነጋዴ ስሆን፣ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት መሥሪያ ቤታችሁ ለነጋዴው ኅብረተሰብ የሚያደርገውን ቀና ትብብር በመገንዘብ፣ የጫንኩት የአትክልት ምርት በተፈጠረ የቁጥር መዛባት ምክንያት የቆመ በመሆኑ ክቡርነትዎ ችግሬን ተረድተው አስፈላጊው ሁሉ ትብብር እንዲደረግልኝ ስል በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።»

እስኪ ንገሩኝ፣ ይህ ሰው ምን ይደረግልኝ ነው የሚለው? የቱ መኪና ነው? የስንት ቁጥር ዲክላራሲዮን? ስንት የነበረው ስንት ይሁንለት? ደብዳቤው ውስጥ አንዱም የለም። ራፖር ጸሐፊው አልጠየቀም፣ አማቼም አልነገረውም። ገጹ ግን ሞልቷል፣ ስለሞላም ሁለቱም የተሟላ ደብዳቤ የጻፉ መሰላቸው። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የሰላምታው ርዝመት ሳይሆን ይህ ነው። ረጅሙ መግቢያ የጎደለውን ነገር ከጸሐፊው ከራሱ ዓይን ይሸፍናል።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚያገኘው ኃላፊውን ሳይሆን መዝገብ ቤቱን ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አታነብም፤ ልታነብም አይጠበቅባትም። የገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥርና ቀን ትሰጣለች፣ ከማን እንደመጣ ትጽፋለች፣ ከዚያ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር እንዳለ ትገለብጣለች። ቀጥሎ ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር በአቃፊ ሆኖ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለእገሌ ክፍል፣ ይታይ» ብሎ ይመራል። የሚመራው ዓይኑ በመጀመሪያ በያዘው ነገር ነው። አቃፊው ውስጥ ሠላሳ ደብዳቤ ካለ፣ አንዱ ላይ ምን ያህል ዓይኑን እንደሚያሳርፍ እናንተው ገምቱ።

የኛ ደብዳቤ የያዘው «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ነው። ለስፖርት ቡድን መዋጮ የሚለምነውም፣ ለሥልጠና አዳራሽ የሚጠይቀውም ያንኑ ይጽፋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሐሙስ ጠዋት ገብቶ ዲክላራሲዮን ወደሚያርመው ክፍል በመሄድ ፋንታ የደንበኞች ጉዳይ ወደሚያየው ሰው ተመራ። ያ ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር። ዓርብ ጠዋት አንብቦ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ወደ ላይ መለሰው። የዓርብ ምሳ ሰዓት ረጅም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማታ 11 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አማቼ ራሱ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ በቃሉ ካስረዳ በኋላ ታረመለት። በቃል ያስረዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «301 የሚለው 310 ይባልልኝ»። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከላይ ያሉት ሳጥኖች ደህና ነበሩ፤ ከታች ያሉት አርባ ምናምን ሳጥኖች ግን በሙቀቱ ለስልሰው ውሃ አውጥተው ነበርና ተጣሉ።

እኔ በዚያ ሳምንት ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። ለማንም ላስገባው አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ናሙና እንዲሆነን ነው። እንዲህ ይላል፦

«ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም (ሜይ 22/2025)

ጉዳዩ፦ በዲክላራሲዮን ቁጥር …… ላይ 301 ሳጥን የሚለው 310 ተብሎ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከላይ በተጠቀሰው ዲክላራሲዮን 301 ተብሎ የተመዘገበው የቲማቲም ሳጥን ብዛት 310 ተብሎ እንዲታረምልኝና የሰሌዳ ቁጥሩ …… የሆነው መኪናዬ እንዲያልፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስህተቱ የተፈጠረው ትራንዚተሩ ቁጥሩን ሲያስገባ ነው። ኢንቮይሱም የዕቃ ዝርዝሩም 310 ይላሉ፤ ሁለቱንም አያይዣለሁ። ጭነቱን ለማስቆጠር ሾፌሩ መኪናው ዘንድ ይጠብቃል።

ጭነቱ በቶሎ የሚበላሽ ስለሆነና ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለቆመ፣ ዛሬ እንዲታይልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር»

ከዚያ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ በመጨረሻም የአባሪው ዝርዝርና የገጹ ብዛት። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የጻፍኩት ኢንቮይሱ በፈረንጅ ቀን ስለሚመጣ ነው፤ የኛና የነሱ ቀን ጎን ለጎን ካልተጻፈ ሌላ የመጠርጠሪያ ሰበብ ይሆናል።

የአማርኛችን ባሕርይ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ «እጠይቃለሁ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ማምጣት አንችልም። የምንችለው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው። የድሮው ደብዳቤ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ቃል በላይ ተጉዞ ነው ግሱ ላይ የሚደርሰው፤ «ስሆን»፣ «በመገንዘብ»፣ «በመሆኑ» እያለ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። እነዚህን ቃላት ባገኛችሁበት ቦታ አራት ነጥብ አድርጉና ተለያይተው ሲቆሙ እዩዋቸው። ለብቻው ቆሞ ምንም የማይል ካለ ይውጣ። አማቼ 11 ዓመት መነገዱ ስህተቱን ለማረም ይጠቅማል? አይጠቅምም፣ ወጣ። ጭነቱ ቲማቲም መሆኑስ? ይጠቅማል፣ ለምን ዛሬ እንደተባለ የሚያስረዳው እሱ ነው፤ ድሮ ግን «የአትክልት ምርት» ተብሎ ተድበስብሶ ነበር። ድንችም አትክልት ነው፤ ድንች ሁለት ቀን ቢቆም ማንም አይደነግጥም።

«እንዲደረግልኝ» የሚለውም ቃል አደገኛ ነው። ምን እንደሚደረግ ሳይናገር ሁሉንም የተናገረ ይመስላል። በሱ ቦታ የሥራውን ስም የያዘ ግስ አስገቡ፦ እንዲታረም፣ እንዲቆጠር፣ እንዲመለስ፣ ጊዜው እንዲራዘም። ሁለት የማይገናኙ ጥያቄዎች ካሏችሁ ደግሞ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ደብዳቤ የሚመራው ወደ አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ እዚያው ይሞታል።

አሁን ወደ ክብር ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለአጎቴ ሳነብላቸው ወዲያው የተቆጡት በሱ ነውና። «ልጄ፣ ሰው ቤት ገብተህ ጤና ይስጥልኝ ሳትል ዱቄት አበድሩኝ ትላለህ?» አሉኝ። አልልም። ግን ጋሼ፣ ሰው ቤት ስገባ ባለቤቱ ፊቴን ያየኛል፣ እጄን ይጨብጣል፣ የመጣሁበትን እስክናገር ይታገሰኛል። ደብዳቤ ሲሆን ሰላምታዬን የሚቀበለው አቃፊ ነው። ደግሞም ክብሩ አልጠፋም። «ክቡር» አለ፣ «በአክብሮት እጠይቃለሁ» አለ፣ «እለምናለሁ» አለ፣ መዝጊያው ላይ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» አለ። የወጣው ምርቃቱና የራስ ሙገሳው ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ሁለተኛው ለኃላፊው የተሰጠ ክብር ሳይሆን ለራሳችን ያደረግነው ነው።

ከድንበሩ ማዶ ያሉትን ብናይ፣ ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛ ሲጽፉ ትሕትናው ከኛ አያንስም። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለክብር መግለጫ ይሰጣሉ፤ ግን የሚሰጡት መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ነው። ጉዳዩ ላይ ተጽፎ ጥያቄው ተነግሮ ካለቀ በኋላ ይጎነበሳሉ። በሞያሌ በኩል የምትነግዱም ኬንያውያኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ከመጀመሪያው ሰላምታ ሥር ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ጽፈው እንደሚያሰምሩበት አይታችኋል። ስለዚህ ረጅም ክብር መግለጽ የሚፈልግ ሰው እንደ ጅቡቲዎቹ ወደ ታች ያውርደው። እዚያ ማንንም አያዘገይም።

ይህ ለሁሉም ደብዳቤ አይሆንም። ለሽማግሌዎች የሚጻፍ፣ ዕርቅ የሚለመንበት፣ ለሐዘንተኛ የሚላክ ደብዳቤ ላይ ሰላምታው ራሱ ጉዳዩ ነው፤ እዚያ ማሳጠር ነውር ነው። ደግሞ አጭር ደብዳቤ የጎደለ ሰነድ አይተካም። ኢንቮይሱም 301 ቢል ኖሮ ምንም አሳምሬ ብጽፈው ዘጠኙ ሳጥን ትርፍ ነበር።

ደብዳቤያችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ከሦስተኛው መስመር በታች ያለውን በእጃችሁ ሸፍኑትና ንግድ ለማያውቅ ሰው፣ ለልጃችሁም ቢሆን፣ አሳዩት። «ሰውየው ምን አድርጉልኝ ነው የሚለው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ የድሮውን አሥረኛ ክፍል ላለች የእህቴ ልጅ ሰጠኋት። «ገንዘብ እየለመነ ነው?» አለችኝ። አዲሱን ስሰጣት «ዘጠኝ ሳጥን ረስተው ነው» አለች።

አማቼ ናሙናውን ተቀብሎኛል፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። «ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ» የሚለው ይግባ አለ። ከፊርማው በላይ አስገባሁለት።