ዱቄት ጨምሪበት ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለራሴ ስሕተት ነው።

ሰበታ የምትኖረው ምራቴ ኩኪስ ጋግራ ለሰፈሯ ሱቆች ታስረክባለች። የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትደጉመው በዚያ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ባለሱቅ ከረጢቱ በቅባት ርሶበት ዕቃውን መለሰላት። ስልክ ደውላ ስታማክረኝ፣ ቡራዩ ቤቴ ቁጭ ብዬ «ቅቤው በዝቶ ነው፤ ሁለት ኩባያ ዱቄት ጨምሪበት» አልኳት። በሳምንቱ የጋገረችው ደግሞ ገና ሲነኩት የሚፈረካከስ፣ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ የሚበተን ሆነ። «እማማ፣ ይሄ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም፤ ኦቨኑን ልሽጠው» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ስለከነከነኝ ሚዛኔን ይዤ ሰበታ ሄድኩ።

ለመርፌ የሚሆን መድኃኒት በግምት አይቀዳም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የለመደችውን ስድስት ኩባያ ዱቄት መዘንን። 750 ግራም ሆነ። ቅቤዋ ግማሽ ኪሎ፣ ስኳሯ 250 ግራም ነው። እንግሊዞች ሾርትብሬድ ለሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ኩኪስ የተለመደው ልክ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው። የእሷ ልክ ትክክል ነበር ማለት ነው! እኔ ያስጨመርኳት ሁለት ኩባያ ዱቄቱን አንድ ኪሎ አደረሰው። ያን ሁሉ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ቅቤ አይዞ አያያይዘውም፤ ኩኪሱ አሸዋ የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ቅባቱ ከየት መጣ? ስትሠራ ቆሜ አየኋት። ቶሎ እንዲዋሃድላት ቅቤውን እሳት ላይ አቅልጣ ዱቄቱ ላይ ታፈሳለች፤ ሊጡንም ወዲያው ቆርጣ ኦቨን ታስገባለች። ለስላሳ ሆኖ ያልቀለጠ ቅቤ የዱቄቱን ቅንጣት ለብሶ አብሮት ይቆያል። የቀለጠው ግን እንደ ዘይት ይፈሳል፤ ሳይረጋ ኦቨን ከገባ ኩኪሱ ይዘረጋል፣ ቅባቱም ወደ ትሪው ይወጣል።

ስለዚህ ልኩን ሳንነካ አሠራሩን ቀየርን። ቅቤው ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን የማያብረቀርቅ እስኪሆን ቤት ውስጥ አቆየነው። ከተፈጨ ስኳር ጋር አሸነው፤ ዱቄቱን ጨምረን ሊጡ እስኪያያዝ ብቻ ሰበሰብነው። ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ከዚያ ሸፍነን ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳረፍነው። በዚህ ጊዜ ቅቤው መልሶ ይረጋል፤ ዱቄቱም ቅቤው ውስጥ ያለውን ጥቂት ውኃ ይጠጣል። ቆርጠን በ160 ዲግሪ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ጠርዙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ እስኪሆን ጋገርነው። ትኩሱን ሳናነሳ ትሪው ላይ እንዲቀዘቅዝ ተውነው፤ ትኩስ ኩኪስ ሁሌም ይሰበራል።

ሱሉልታ ያለችው ልጄ ደግሞ ይህንን ስነግራት «የእኔስ ልኩ ትክክል ሆኖ ሊጡ ገና ሳይጋገር ይበተናል» አለች። የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቅቤዋ ደርቆ ዱቄቱን ሳይለብስ ይቀራል። ለእሷ መፍትሔው ዱቄት መቀነስ አይደለም፤ ቅቤውን ቀደም ብላ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሞቅ ያለ ቦታ ማቆየት ነው።

እንግዲህ ከመጋገራችሁ በፊት ሊጡን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ከተያያዘና እጃችሁ ላይ ቅባት ካልተወ ደህና ነው። እጃችሁ ካብረቀረቀ ዱቄት አትጨምሩ፤ አቀዝቅዙት። ከተበተነ በመዳፋችሁ ሙቀት ጥቂት ጫን ጫን አድርጉት፤ ያኔም ካልያዘ ዱቄቱ በዝቷልና ትንሽ ለስላሳ ቅቤ ጨምሩ። ሊጥ ማሳረፍ የተሳሳተን ልክ አያቃናም።

አንድ ነገር ልጨምር። በንጥር ቅቤ የምትጋግሩ፣ ንጥሩ ውኃው ስለወጣለት ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው። የገበታ ቅቤ ግን ከመቶው 80 ያህሉ ነው ስብ። ስለዚህ በ200 ግራም የገበታ ቅቤ ፈንታ 160 ግራም የረጋ ንጥርና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይበቃል። 300 ግራም ዱቄትና 100 ግራም ስኳር ለቤተሰብ ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ ምራቴ አንድ ከረጢት ኩኪስ ላከችልኝ። ከረጢቱን አገላብጬ አየሁት፤ ደረቅ ነው። ኦቨኑም አልተሸጠም።