«ኢንዱስትሪ የሠራተኛውን ኑሮ አሻሽሏል» ለሚል መግቢያ የተሰጠ መልስ

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሚያቀርበውን ድርሰት ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ መግቢያውን ብቻ ይዩልኝ፤ ሌላውን እኔው እወጣዋለሁ» አለኝ። መግቢያው አምስት መስመር ናት። ኢንዱስትሪ የሰውን ልጅ ከከባድ ድካም እንዳወጣው፣ የተራውን ሠራተኛ ኑሮ እንዳሻሻለው፣ አገራችንም በዚሁ መንገድ እየገሠገሠች መሆኗን ይናገራል። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል፤ የፊደል ስሕተት እንኳ አላገኘሁበትም። እኔ ግን ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁትና፣ «የተሻሻለለት ማን ነው? ከምን ተነሥቶ ነው የተሻሻለለት? ስንት ዓመትስ ፈጀበት?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መግቢያ እኮ ነው!» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሣሁ። መግቢያ ስለ ሆነ ምንም ቢባል አይጎዳም የሚለው ሐሳብ ብዙ ወጣቶችን የያዘ በሽታ መስሎ ይታየኛል። በመግቢያው ፍርድ የሰጠ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ምስክር የሚጠራው ለፍርዱ እንዲስማማለት ብቻ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ልጁን ይዤ ወደ መርካቶ ወረድሁ፤ ያውም ወደ ሸራ ተራ።

ሸራ ተራን የማታውቅ አንባቢ ብትኖር፣ አዲስ አበባ የምትጫማው የቆዳ ጫማ ብዙው የሚሠራው በዚያና በአካባቢው ባሉ ጠባብ ክፍሎች ነው። የዚህ ሙያ ሐረግ የሚመዘዘው ከፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ግድም የአርመን ነጋዴዎች በከተማይቱ የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ፤ እዚያ ተቀጥረው ቆዳ መቁረጥና መስፋት የለመዱ ሠራተኞች ቀስ በቀስ እየወጡ በመርካቶ የየራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ እነሱም በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። እንግዲህ ለፋብሪካ የሚገባውን ምስጋና አስቀድሜ ልስጥ፦ ሸራ ተራን የወለደው ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሙያውን ለልጅ ልጅ ያተረፉት ከፋብሪካው የወጡት ናቸው።

የገባንበት ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ይሠራሉ። አንዱ ቆዳውን በቅዱ ላይ አስተኝቶ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው የተቆረጠውን ከገበሩ ጋር በመኪና ይሰፋል፤ ሦስተኛው የተሰፋውን በፎርማ ላይ ወጥሮ ዳሩን ወደ ታች ያጥፋል፤ አራተኛው ማስቲሽ ቀብቶ ሶሉን ይለጥፋል፤ የመጨረሻው ያጸዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወደ ካርቶን ያስገባል። የሚከፈላቸው በወር አይደለም፣ በጥንድ ነው። በዓል ሲቃረብ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ወጣሪው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ከዚህ ቀደም በአንድ ትልቅ የጫማ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነበር። ልጁ፣ «ታዲያ ለምን ወጡ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ፣ «እዚያ እኔ የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተረከዙን መምታት። ደመወዙ በቀኑ ይመጣል፤ እሱን አልክድም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጫማ ከጅምሯ እስከ ፍጻሜዋ አልሠራሁም። እዚህ ሲሞላም ሲጎድልም አያለሁ» አለው። ልጁ ይህን በደብተሩ ሲጽፍ ሳይ፣ አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገደል ሊወድቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

ምክንያቱም ትንሹን ክፍል እንደ ገነት የሚያወድሱ ሰዎችም አሉ። እነሱን ወደ አራተኛው ሠራተኛ ዘንድ ወስጄ ማስቲሹን ባሸተትኋቸው ደስ ይለኛል። ማስቲሽ እንዳይደርቅ የሚያቀልጠው ፈሳሽ ወደ አየር የሚተን ነው፤ በብዙ አገር ለጫማ ከሚሠራባቸው ፈሳሾች አንዱ ሄክሴን ይባላል። ይህ ተን መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለወራት ሲተነፈስ የእግርንና የእጅን ነርቭ ይጎዳል። ምልክቱ በእግር ጣትና በእጅ ጣት ጫፍ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ መርፌ ከእጅ ማምለጥ ይጀምራል፣ ኋላም ጉልበት ይከዳል። ሥራውን ካቆሙ በኋላ እንኳ ለጥቂት ወራት ሊብስ ይችላል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ምክንያቱን በሌላ ነገር ያላክካል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህ በሽታ በብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የታየው በትልቅ ፋብሪካ አልነበረም፤ በየቤታቸው ነጠላ ጫማ እየለጠፉ በሚሸጡ ሠራተኞች ላይ ነበር። የትልቅ ፋብሪካ ባለቤት ቢገደድ ተኑን የሚስብ ማራገቢያ ማስገባት ይችላል፤ ተቆጣጣሪም በሩን ያውቀዋል። ሸራ ተራ ያለውን ክፍል ሁሉ ማን ይቆጣጠረዋል?

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እዚህ ላይ በስሜት ከመከራከር፣ የተመዘነ ነገር ስላለ እሱን እንመልከት። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአገራችን ባሉ አምስት ድርጅቶች ፈተና አካሄዱ፤ ከድርጅቶቹ መካከል መጠጥ የሚያሽግ፣ አበባ የሚያመርትና ጫማ የሚሠራ ይገኙበታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ዘዴው ቀላል ነው። ለሥራ ያመለከቱትን ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ወገን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ። ሁለተኛው ወገን ወደ 300 ዶላር ገንዘብና የጥቂት ቀን የንግድ ትምህርት ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በዕጣ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አለበለዚያ ፋብሪካ የገባው ኑሮው ቢሻሻል፣ ያሻሻለው ፋብሪካው ይሁን ወይስ የሰውዬው ጉብዝና መለየት አይቻልም።

ከዓመት በኋላ ሲታይ የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ምንም ካልተሰጣቸው የበለጠ ገቢ አልነበራቸውም። ከሠራተኞቹ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትተዋል። ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸውም በእጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው በዙ። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ።

ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ «እንግዲያው ነጋዴ መሆን ነው!» አለ። መርካቶ መሐል ቆሞ ይህን ማለት ይቀልላል። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ቢያዩ፣ ሦስቱም ወገኖች በገቢም በጤናም ተመሳስለው ተገኙ። የፋብሪካው ጉዳት አልቆየም፤ የገንዘቡም ጥቅም አልቆየም። ለብዙዎቹ ፋብሪካ ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚገቡበት፣ ሲገኝ የሚወጡበት መጠለያ ነበር እንጂ ኑሮን የሚለውጥ ደረጃ አልነበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል ደመወዙን መቁጠር ይበቃል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ዘገባ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዚያው ጊዜ በባንግላዴሽ 95 ዶላር ይከፈል ነበር። 26 ዶላር በዚያ ዘመን ምንዛሪ ወደ 750 ብር ይጠጋል። በወር 26 ቀን ለምትሠራ ልጅ በቀን ወደ 29 ብር ይደርሳታል፤ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ለእናት የሚላክ። ዘገባው እንዳለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኛቸውን በሙሉ ያህል ይተኩ ነበር። አሠሪው፣ «ልጆቹ ዲሲፕሊን የላቸውም» ይላል። እኔ ግን ሒሳብ ማወቃቸው ነው እላለሁ።

«እንግሊዝ አገርስ?» አለ ልጁ፤ መምህሩ ያስተማሩት ስለ እንግሊዝ ነውና። እንግሊዝም ብትሆን ያን ያህል አትረዳውም። ሮበርት አለን የተባለው የታሪክ ሊቅ እንዳሰላው፣ ከ1780 እስከ 1840 አንድ ሠራተኛ የሚያመርተው በ46 በመቶ ሲጨምር፣ ደመወዙ የሚገዛው ግን በ12 በመቶ ብቻ ጨመረ። ስድሳ ዓመት ማለት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። በ1780 ፋብሪካ የገባ ወጣት «ተሻሻለ» የሚባለውን ኑሮ ሳያይ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ በእርግጥ አደገ፤ ይህን የሚክድ ሰው ሐሰተኛ ነው። ነገር ግን ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ የከለከለው የ1833 ሕግ ነው፤ የሴቶችንና የወጣቶችን የሥራ ቀን በዐሥር ሰዓት የወሰነው የ1847 ሕግ ነው። ሞተሩ ያንኑ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ቢያሠራም አይሰለችም ነበር። በእኛም አገር ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር እንዲደራደር ሕግ የፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እነ ወንጂ ስኳር ግን ከዚያ በፊት ሥራ ጀምረዋል።

እዚህ ላይ የፋብሪካን እውነተኛ ብልጫ እናገራለሁ፤ ብዙዎች አይጠቅሱትም። ፋብሪካ ሺህ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ይሰበስባል። ሺህ ሰው አንድ ላይ ሆኖ «ማራገቢያ ይግባልን» ማለት ይችላል። የሸራ ተራው ለጣፊ ግን ይህን የሚለው ለማን ነው? አሠሪው ራሱ ማስቲሹን አጠገቡ ተቀምጦ ይተነፍሰዋል።

ልጁ ከሳምንት በኋላ አዲስ መግቢያ ይዞ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «የሸራ ተራ ጫማ ሠሪ ወደ ፋብሪካ ቢገባ ደመወዙ በቀኑ ይመጣለታል፤ የሚበዛለት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። በዚህ ድርሰት ፋብሪካ ለሠራተኛው የሚጠቅመው መቼ እንደ ሆነ፣ ትርፉን ለማካፈል ማን ማንን እንዳስገደደ እመረምራለሁ።» «ማን ማንን እንዳስገደደ» የምትለውን መምህሩ እንዳይሰርዙበት ፈርቶ፣ «ጋሼ፣ ላለዝባት?» አለኝ። እንዳለች ተዋት አልሁት።