የቋንቋ ማዕዘን፦ የተበደረው ማን ነው?

በዛሬው ትምህርታችን ረጅም ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ግሡ ከባለቤቱ እንዳይጣላ የምናደርግበትን መንገድ እንመለከታለን። ባለቤት ማለት ሥራውን የሠራው ነው። ግሥ ደግሞ የተሠራውን ሥራ የሚነግረን ቃል ነው።

አንድ ገበሬ ለቀበሌው የጻፈው አቤቱታ እንዲህ ይላል እንበል፦

«ጎረቤቴ ባለፈው ሰኔ ለዘር ብላ ከእኔ 50 ኪሎ ስንዴ ተበድሮ፣ ከወንድሟ ጋር በአህያ ጭነው ወደ ቤቷ ከወሰዱ በኋላ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ እመልሳለሁ ብሎ እስካሁን አልመለሰም።»

ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ማንን ይጥራ? «ብላ» ሲል ሴት ናት። «ተበድሮ» ሲል ወንድ ሆነ። «ጭነው» ሲል ብዙ ሰዎች መጡ። በመጨረሻ «አልመለሰም» ስለሚል ወንድምየው ያልበላውን ዕዳ ክፈል ተብሎ ሊጠራ ነው። «ጎረቤቴ» የሚለው ቃል ብቻውን ሴት ይሁን ወንድ አይናገርም። የሚነግረን ግሡ ነው። ስለዚህ ግሡ ከተሳሳተ ሰውዬው ተለወጠ ማለት ነው።

እንግዲህ እናርመው። በመጀመሪያ ባለቤቱን እንፈልግ። በፊቱ «ከ»፣ «ለ»፣ «በ» ወይም «የ» የተቀጠለበት ስም፣ እንዲሁም በኋላው «ን» ያለበት ስም ባለቤት አይሆንም። «ከእኔ»፣ «ከወንድሟ»፣ «በአህያ» ሁሉም ወደቁ። የቀረችው «ጎረቤቴ» ናት። እሷም ሴት ናት፣ አንድ ናት።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ግሥ ሥር እርሳስ እያሰመርን «ማን?» ብለን እንጠይቅ። ማን ተበደረ? እሷ፤ ስለዚህ «ተበድራ»። ማን ጫነ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በአፍ ስንናገር «ከወንድሟ ጋር ጭነው ወሰዱ» እንላለን፣ ሰሚውም ይገባዋል። በዕዳ ወረቀት ላይ ግን «ጋር» ያለው ሰው አጃቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ «ጭና» እና «ከወሰደች» ብለን እንጽፋለን። ሁለቱም ተበዳሪዎች ቢሆኑ ኖሮ «ጎረቤቴና ወንድሟ» ብለን ጀምረን «ተበድረው»፣ «አልመለሱም» እያልን እንጨርስ ነበር።

ማን ተሰበሰበ? አዝመራው። «ሲሰበሰብ» የራሱ ባለቤት ስላለው አይነካም። «እመልሳለሁ» የሚለውም ጎረቤቲቱ በራሷ አፍ የተናገረችው ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን «ብላ» መሆን አለበት፤ ያለችው እሷ ናትና። የመጨረሻውን ግሥ፣ ማለትም ማሰሪያ አንቀጹን፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር አጠጋግታችሁ አንብቡት፦ «ጎረቤቴ አልመለሰም» ወይስ «ጎረቤቴ አልመለሰችም»? በመሐል ያለው ሁሉ ሲዘለል ስህተቱ ለጆሮ ቶሎ ይሰማል።

የታረመው እነሆ፦

«ጎረቤቴ ባለፈው ሰኔ ለዘር ብላ ከእኔ 50 ኪሎ ስንዴ ተበድራ፣ ከወንድሟ ጋር በአህያ ጭና ወደ ቤቷ ከወሰደች በኋላ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ እመልሳለሁ ብላ እስካሁን አልመለሰችም።»

ጎረቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ቢሆኑስ? አክብረን «ተበድረው አልመለሱም» እንላለን። ነገር ግን ይህ አነጋገር ለብዙ ሰዎችም ያው ስለሆነ አንባቢው «ስንት ናቸው?» ይላል። መፍትሔው በመጀመሪያው ላይ «ወይዘሮ» ብሎ ስማቸውን መጻፍ ነው። በአክብሮት የጀመረም በአክብሮት ይጨርስ። በመሐል «ተበድራ» ብሎ መጨረሻ ላይ «አልመለሱም» ማለት አንዷን ሴት ሁለት ሰው ያደርጋታል።

አንድ ነገር እንጨምር። እንደ «ተበድራ»፣ «ጭና» ያሉት ግሦች ብዙውን ጊዜ ከማሰሪያው ጋር አንድ ባለቤት ይፈልጋሉ። ስለዚህ «እኔም ሦስት ጊዜ ጠይቄ አልሰጠችኝም» ከማለት «እኔም ሦስት ጊዜ ብጠይቃት አልሰጠችኝም» ማለት ይሻላል። ጠያቂው እኔ፣ ከልካይዋ እሷ መሆናችን በግልጽ ይታያል። ሠሪው ብዙ ጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ አራት ነጥብ (።) አድርጋችሁ፣ የአዲሱን ባለቤት ስም ጽፋችሁ እንደገና ጀምሩ።

መልመጃ፦ የሚከተለውን በደብተራችሁ ላይ አርማችሁ ጻፉ።

«እህቴ ከባሏ ጋር ገበያ ሄደው፣ ሁለት በግ ሸጦ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤቷ ገቡ።»

መልስ፦ «ሄዳ»፣ «ሸጣ»፣ «ገባች»። «ሳይመጣ» የዝናቡ ስለሆነ አይለወጥም።