ወገብን የሚጎዳው ጀሪካኑ ሳይሆን አያያዙ ነው

ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አልጽፍም። ማሳውን የሚያለማው የእናንተው ወገብ ስለሆነ ስለ እሱ ላውራችሁ።

በየቤቱ ስዞር ሁለት አነጋገር እሰማለሁ። አንዱ "ወገቤ ሸክም ለምዷል" የሚል ነው። ሌላው "ሸክም ወገብ ይሰብራል፣ ይቅርብኝ" የሚል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ሸክም በልኩ ከሆነና በአግባቡ ከተያዘ እግርን፣ ክንድን፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን ያጠነክራል። ከተማ ውስጥ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጂም ይገባና በሁለት እጁ ብረት አንጠልጥሎ ይራመዳል። የዚህ ስፖርት ስም ምን መሰላችሁ? "የገበሬ እርምጃ" ይሉታል። እናንተ በየቀኑ በነፃ የምትሰሩት ነው። ልዩነቱ እነሱ በሁለቱም እጅ እኩል መያዛቸው ነው።

ይሄ ለምን ዋጋ አለው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። በቀኝ እጃችሁ ብቻ ስታንጠለጥሉት ወደ ቀኝ እንዳትወድቁ የግራ ወገባችሁ ጡንቻ ይጎትታል። ጀሪካኑ ከአከርካሪው ራቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ ጡንቻው ግን እዚያው አከርካሪው ጎን ነው። በአካፋ አፈር ስታነሱ አፈሩ አጠገብ ስትይዙ ይቀላል፣ የእጀታውን ጫፍ ስትይዙ ይከብዳል አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ጡንቻው ከ20 ኪሎ በላይ ለመጎተት ይገደዳል፤ አከርካሪው ደግሞ የጀሪካኑንም የጡንቻውንም ጫና አንድ ላይ ይሸከማል። ያንኑ ውሃ በሁለት ባለ 10 ሊትር ብትከፍሉት ግን ግራና ቀኙ ይመዛዘናል።

በጀርባ ለሚያዝሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን በየቀኑ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝላ ከምንጭ ትቀዳለች። ወገቧን ያማት ጀመር። አብሬያት ሄጄ ሳየው ችግሩ መንገዱ ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ሞልታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ወገቧን ጠምዝዛ ነበር ወደ ጀርባዋ የምታወጣው። ባለቤቷና ልጇ በግማሽ ቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረው ምንጩ አጠገብ እስከ ወገቧ የሚደርስ መደብ ሰሩላት። አሁን ባዶውን ጀሪካን መደቡ ላይ አድርጋ በጣሳ ትሞላዋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ገመዱን ታስራለች፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጀሪካኑንም በባለ 20 ቀይራዋለች። ሕመሙ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ግን ጠዋት ቀና ለማለት መቸገሯ ቀረ።

መደብ ከሌለና ከመሬት ማንሳት ግድ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ጀሪካኖቹን ከእግራችሁ ግራና ቀኝ አስጠግታችሁ አቁሙ። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ ጀርባችሁ ግን አይጉበጥ። ሰው ሆዳችሁን ሊመታችሁ ሲል እንደምታጠነክሩት ሆዳችሁን አጥብቁ፤ ከዚያ በእግራችሁ ጉልበት ተነሱ። መዞር ስትፈልጉ ወገባችሁን ሳይሆን እግራችሁን አዙሩ። አጠር አጠር አድርጋችሁ ተራመዱ። ትከሻችሁ ማጋደል ወይም ጀርባችሁ መጉበጥ ከጀመረ ጡንቻው ደክሟልና አስቀምጡት።

ጉልበት መጨመር የሚፈልግ ጀሪካኑ ራሱ ሚዛን ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። በሁለት ባለ 5 ሊትር ጀምሩ። ሳታጋድሉና ወሬ ሳታቋርጡ ቤት ድረስ ከደረሳችሁ ከፍ ወዳለው እለፉ። ትልቁን በግማሽ አትሙሉ፤ ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል ወገብ ያንገጫግጫል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ውሃ ስቦ ይወጠራል። ስለዚህ ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ ወዲያው ጎንበስ ብላችሁ ከባድ ነገር አታንሱ። መጀመሪያ ከብቱን አውጡ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ።

የ50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢትስ? እሱ የጉልበት መለማመጃ አይደለም። ከመሬት ለብቻ አይነሳ፤ ለሁለት ይነሳ፣ አህያ ወይም ጋሪ ይሸከመው። "ብቻዬን አነሳሁት" የሚለው ጉራ በእርሻ ወቅት አልጋ ላይ ሲያስተኛ አይቻለሁ።

ጭንና ክንድ ቢዝል ጤና ነው። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ ከጉልበት በታች ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ ሸክሙን አቁማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እግር ከከዳ፣ በጭን መሀል ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባችሁ።

አባቶችና ወንድሞች፣ ከእናንተ የምጠይቀው የግማሽ ቀን ስራ ነው። የመንደራችሁ ምንጭ መደብ ከሌለው በዚህ ሳምንት ድንጋይ ደርድሩ።