ከሰባቱ አሃዞች ስንቱን ለካናቸው?

የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዘገባዎች ታርመው በተመለሱ ቁጥር የሚሰማው አቤቱታ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ተማሪው ሙከራውን በአግባቡ አከናውኗል፤ ቀመሩን ሳይሳሳት ተጠቅሟል፤ ያገኘውም ዋጋ ከሚጠበቀው ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ «ጉልህ አሃዞች በዝተዋል» ከሚል አጭር ማስታወሻ ጋር ነጥብ ተቀንሶበታል። «መልሱ ትክክል ከሆነ የአሃዞቹ መብዛት ማንን ጎዳ?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። በእኛ እምነት ነጥብ መቀነሱ ተገቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀነስበት ቦታና መንገድ ግን ተገቢ አይደለም። ሁለቱንም በአንድ ሙከራ ለማሳየት እንሞክር።

ሙከራው የፔንዱለም ሙከራ ነው። በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ፣ ክር፣ ትንሽ የብረት ኳስ፣ የሜትር ማስመሪያና ስቶፕዋች ባሉበት ክፍል ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ክሩ ከተሰቀለበት ነጥብ እስከ ኳሱ መሐል ያለው ርዝመት 80.0 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ኳሱ ሃያ ጊዜ ተወዛውዞ እስኪመለስ 35.9 ሰከንድ ፈጀ። የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ስለዚህ 1.795 ሰከንድ ይሆናል። እነዚህን

g = 4π²L/T²

በተባለው ቀመር ውስጥ ስንተካቸው ካልኩሌተሩ 9.802138 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሚል ቁጥር ያሳያል። ተማሪውም እንዳለ ይገለብጠዋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ስቶፕዋቹን የያዘው ጣት ጥቂት ዘግይቶ 35.9 ሳይሆን 36.0 ሰከንድ ተነበበ እንበል። በዚያው ቀመር የሚገኘው ውጤት 9.747757 ነው። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ የነበሩት አሃዞች በሙሉ ተለወጡ። የሰው ጣት ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም የሚፈጥረው ልዩነት ደግሞ በጥቅሉ እስከ 0.2 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ጊዜው 35.7 ቢሆን 9.91፣ 36.1 ቢሆን 9.69 እናገኛለን። የርዝመቱ ስሕተት፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። እንግዲህ ሙከራው በእርግጥ የነገረን g 9.8 ገደማ መሆኑን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ያህል ሊያመነታ እንደሚችል ነው። ከሰባቱ አሃዞች የለካናቸው ሁለቱን ነው፤ የቀሩትን አምስቱን የሰጠን ካልኩሌተሩ ነው።

በጉደር ገበያ አንድ ነጋዴ ግማሽ ኪሎን ብቻ በሚለይ ሚዛን ጤፍ መዝኖ «97.302138 ኪሎ ነው» ቢል ገዢው ሚዛኑን ሳይሆን ነጋዴውን ይጠራጠራል። እያንዳንዱ አሃዝ «ይህን አረጋግጫለሁ» የሚል ምስክርነት ነውና። ያላየውን አየሁ ያለ ምስክር፣ የተናገረው ነገር በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ቃሉ ውድቅ ይሆናል።

በአጋጣሚ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪው ዋጋዬ ትክክል ነው የሚለው 9.802138ን በመጽሐፉ ከተጻፈው 9.81 ጋር አወዳድሮ፣ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ እንደማይሞላ ካየ በኋላ ነው። ነገር ግን 9.81 የአምቦ ዋጋ አይደለም። የስበት ፍጥንጥነት ከምድር ወገብ አጠገብና በከፍታ ላይ ይቀንሳል። አምቦ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ዋጋው እዚህ 9.78 ያህል ነው። የተማሪው ቁጥር ወደ መጽሐፉ የተጠጋው የምድርን ስበት በጥልቀት ስለመረመረ ሳይሆን ጣቱ እንዲያ ስለወደቀ ነው። 9.8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ግን ዘገባው ከ9.81ም ከ9.78ም ጋር ይስማማል፤ ሁለቱን ለመለየት እንዳልቻለም በሐቅ ይናገራል።

ይህ ልዩነት በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አለው። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በ1672 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ላይ ወደምትገኘው ካየን በሄደ ጊዜ፣ በፓሪስ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር አስተዋለ። ፔንዱለሙን በሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ግድ ሆነበት። ልዩነቱ ኢምንት ነበር፤ የታመነው ግን ሪሼ ለወራት ደጋግሞ ስለለካው ነው።

ለእኛም ተማሪ መንገዱ ክፍት ነው። በሃያ ፋንታ መቶ ውዝዋዜ ቢቆጥር የጣቱ ስሕተት በአምስት እጥፍ ይቀንስና ከጊዜው የሚመጣው ጥርጥር ወደ 0.02 ይወርዳል። ያን ጊዜ የርዝመቱ ሚሊ ሜትር መቆጠር ይጀምራል፤ የማወዛወዣው ማዕዘንም ከአምስት ዲግሪ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ አሥር ዲግሪ ቢሆን ብቻውን ውጤቱን በ0.04 ያህል ዝቅ ያደርገዋልና። ይህን ሁሉ የተጠነቀቀ ተማሪ 9.78 ብሎ ቢጽፍ ሦስተኛውን አሃዝ በሥራው ገዝቶታል።

እስካሁን ከአራሚው ጎን ቆመናል። አሁን ወደ አራሚው እንዞራለን። ነጥብ መቀነስ የለመደ አራሚ በእያንዳንዱ መሥመር ላይ አሃዝ ሲቆጥር፣ ቅጣት የፈራ ተማሪ ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ ማጠጋጋት ይጀምራል። ከላይ ያገኘነውን 1.795 ሰከንድ «ሦስት አሃዝ ይበቃል» ብሎ 1.80 ቢያደርገው ውጤቱ 9.80 መሆኑ ቀርቶ 9.75 ይሆናል። ማንም ምንም ሳይለካ ዋጋው በ0.05 ወረደ፤ ይህም በአምቦና በፓሪስ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። የተትረፈረፈ አሃዝ አንባቢውን ያሳስታል፤ ያለ ጊዜው የተጠጋጋ አሃዝ ግን ስሌቱን ራሱን ያበላሻል። ቅጣቱ ተማሪውን ከቀላሉ ጥፋት ወደ ከባዱ ከገፋው ዓላማውን ስቷል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅነሳው በመጨረሻው ውጤት ላይ ብቻና አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ በስሌቱ መካከል የተያዙ ትርፍ አሃዞች አይነኩ። ሁለተኛ፣ የአሃዝ ቆጠራው ሕግ ግምት እንጂ ዳኛ አለመሆኑ ይታወቅ። ርዝመቱም ጊዜውም ሦስት ሦስት ጉልህ አሃዝ ስላላቸው ሕጉ 9.80 ይፈቅዳል፤ የስሕተት ወሰኑ ግን 9.8 ላይ ያቆመናል። ሕጉን ተከትሎ 9.80 የጻፈ አይቀጣ፤ ወሰኑን አስልቶ የጻፈ ግን ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ሦስተኛ፣ «አሃዞች በዝተዋል» የሚለው ማስታወሻ «ጊዜውን በ0.1 ሰከንድ ለውጠህ እንደገና አስላ» በሚል ይተካ። ይህን የሠራ ተማሪ የትኞቹ አሃዞች የእርሱ እንዳልሆኑ በራሱ እጅ ያያል፤ ለተቀነሰበትም ነጥብ አቤት የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።