ብየዳው ሳይነካ ይታይልኝ

ለመኪናው ባለንብረት ለጋሼ፣ እንዲሁም አደጋውን ለያዙት የትራፊክ ፖሊስ መርማሪ፤

ማክሰኞ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ስለተጎዳችው ተሳፋሪ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሲጻፍ ግን «ፍሬን በድንገት በመያዙ» በምትል አንዲት መስመር አለቀ። ፍሬን መያዜ እውነት ነው። የቀረውን እዚህ ልናገር።

ሰዓቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ መውረድ ሲገባኝ በአራተኛ ለቀቅኩት፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ደርሼ ነበር። በዚህ ፍጥነት መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪዞር ብዙ መንገድ ያልቃል። ቆሞ ሰው ከሚያወርድ አውቶቡስ ፊት አንድ ተማሪ ዘሎ ገባ። በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ፤ ልጁ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ከቆመ አውቶቡስ ጎን ሳልፍ ቀድሜ መቀነስ ነበረብኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ተሳፋሪዎቹ 11 ነበሩ። ትርፍ አልጫንኩም፤ የታክሲ ሹፌር ይህን ሲል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ያን ዕለት እውነት ነበር። አስሩ ተንገጫግጨው፣ የፊታቸውን ወንበር ይዘው ቀሩ። እሷ የተቀመጠችው በር አጠገብ ባለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ነበር። ወንበሩ ከነእግሩ ተነቅሎ አብሯት ወደፊት ሄደ። ለመደገፍ እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ተሰበረ፤ ግንባሯም ከእኔ ወንበር ጀርባ ካለው ብረት ጋር ተጋጭቶ ተተረተረ።

ጋሼ፣ ይህ ወንበር እንደሚወዛወዝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነግሬዎታለሁ። «እስከ ወሩ መጨረሻ በሽቦ እሰረው» አሉኝ። አሰርኩት። የዕለቱን ገቢ እንዳላጎድልብዎ ብዬ ሰው አስቀመጥኩበት፤ ወንበሩን አጥፌ 10 ሰው ብቻ መጫን እችል ነበር።

መርማሪ፣ የወንበሩ እግር ከወለሉ የተላቀቀበትን ቦታ በባትሪ ይዩልኝ። ብየዳው ያን ዕለት ብቻ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ስብራቱ ዙሪያውን ያብረቀርቅ ነበር። አሁን የሚያብረቀርቀው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሌላው ዝጓል። የዛገው ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። ሽቦውም እዚያው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

ረዳቱ እንደነገረኝ መኪናው ከጣቢያ እንደተለቀቀ ቀጥታ ወደ በያጅ ሊሄድ ነው። በያጁ ዝገቱን ሞርዶ አዲስ ብየዳ ከደረበበት የሚታይ ነገር አይቀርም። ጋሼ፣ መርማሪው አይተው ፎቶ እስኪያነሱ ድረስ አያስነኩት። ከወለሉ ላይ የተለቀመውን አንዱን ቡሎን በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ በጠራችሁኝ ሰዓት ይዤ እመጣለሁ።

ሹፌሩ